«ይደውሉልን» ወይስ «ፎቶውን ይላኩ»? በጽሑፍ መሃል የምትገባ ጥሪ እንዴት ትመረጣለች

የአክስቴ ልጅ መሐል ሜዳ ነው የሚኖረው። ከመንዝ ሸማኔዎች በርኖስና ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ እየተቀበለ በቴሌግራም ቻናል ይሸጣል። እኔ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ጽሑፉን እጽፍለታለሁ። ደመወዜ በዓመት አንድ ባና ነው፤ ለደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ አንሶ አያውቅም።

ባለፈው ክረምት ስለ ባና አስተጣጠብ ጻፍኩ። ጽሑፉ ብዙ ሰው ጋ ደረሰ። መጨረሻው ላይ ግን ይህችን ለጥፌበት ነበር፦

«ምርጥ የመንዝ ባና ለማዘዝ አሁኑኑ ይደውሉልን! እንዳያመልጥዎ! ዋጋ በውስጥ መስመር። ቻናላችንን ይቀላቀሉ፣ ለወዳጅዎ ያጋሩ።»

በማግስቱ አንዲት እናት እንዲህ ብለው ጻፉልን፦ «ልጄ፣ እኔ ባና አለኝ። እንዴት ልጠበው ብዬ ነው ያነበብኩት። ሌላ ባና ምን ያደርግልኛል?»

እውነታቸውን ነው። ስለ ማጠብ የሚያነብ ሰው ባና ያለው ሰው ነው። ጽሑፉን ለባለ ባና ጽፌ፣ ጥሪውን ባና ለሌለው ሰው ነው ያደረግኩት። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። አንባቢን «ይህን ያድርጉ» የምትለውን መስመር እዚህ «ጥሪ» እያልኩ እጠራታለሁ። የትኛዋ ጥሪ የት እንደምትሻል፣ በዚያው በባና ጽሑፍ ላይ እያወዳደርኩ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ጽሑፉ ራሱ

ጥሪው ከምን ጋር እንደሚገጥም እንዲታይ ጽሑፉ ምን እንደሚል በአጭሩ ልንገራችሁ። ባና የበግ ጠጉር ነው። ሙቅ ውሃና እሽት ሲገናኙበት ጠጉሩ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ባናው ይጠባል፣ ይደርቃል፣ እንደ ቆርቆሮ ይሆናል። ተመልሶ አይሰፋም። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳ ሳሙና ይዘፈዘፋል፤ የፀጉር ሻምፖም ይሆናል። በእጅ ጫን ጫን ይደረጋል እንጂ አይታሽም። አይጠመዘዝም። ጥላ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። በረኪና ከቶ አይነካውም፤ በረኪና ሱፍን ያሟሟዋል። ታጥቦ ሲቀመጥ በደንብ መድረቅ አለበት፤ ብል ላብና እድፍ ያለበትን ሱፍ ይመርጣል።

ይህን ያነበበ ሰው ቀጥሎ ምን ያስፈልገዋል? ጥሪን የምመርጠው ከዚህ ጥያቄ ተነስቼ ነው። «እኔ ምን እፈልጋለሁ» ብዬ ስጀምር ሁልጊዜ «ይደውሉልን» ላይ ነው የማርፈው።

አራቱ አማራጮች

በዚህ ጽሑፍ ላይ ሊገቡ የሚችሉ አራት ጥሪዎች ነበሩኝ።

አንደኛው «አዲስ ባና ለማዘዝ ይደውሉ» ነው። ይህ በራሱ መጥፎ ጥሪ አይደለም። ዋጋና መጠን በሚናገር ጽሑፍ ላይ ከሱ የተሻለ የለም። እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን ቦታው አይደለም። ገበያ ቀን አንድ ሰው «ይቺ ጋቢዬ እድፉ በምን ይለቅላታል?» ብሎ ቢጠይቃችሁና እናንተ መልሱን ሳትጨርሱ አዲስ ጋቢ ብትዘረጉለት እንደማለት ነው። አይቆጣም። ዝም ብሎ ይሄዳል።

ሁለተኛው «ለበለጠ መረጃ ኢንቦክስ ያድርጉ» ነው። ይህን በጣም እጠላዋለሁ፤ አድልዎ እንዳለብኝ ከወዲሁ እወቁት። የምጠላበት ምክንያት አለኝ። አንባቢው ኢንቦክስ ገብቶ ምን እንደሚጽፍ አያውቅም። «በለጠ» የተባለው መረጃ ምኑ ነው? የውሃው ሙቀት? ዋጋው? ሰው የሚጽፈው ሲጠፋው «ሰላም» ብሎ ይጽፋል። እናንተ «ሰላም፣ ምን እንርዳዎ?» ትላላችሁ። እሱ ሥራ ላይ ነው፤ ማታ ያየዋል። ሁለት ቀን ሰላምታ ስትለዋወጡ ትቆያላችሁ። አንዳንዴም መረጃው ራሱ የለም። ጽሑፉ ያለውን ሁሉ ብሏል፤ «ለበለጠ» የምትለው ቃል የገባችው ሁሉም ስለሚጽፋት ብቻ ነው።

ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ «ባናዎን ብል በልቶት ከሆነ፣ የተበላውን ቦታ ፎቶ አንስተው ይላኩ። ሸማኔው አይቶ ይጠገን እንደሆነ ይነግርዎታል።» ይህ ከጽሑፉ ውስጥ የበቀለ ጥሪ ነው። ባናውን ለማጠብ የዘረጋ ሰው ቀዳዳውን የሚያየው ያኔ ነው። ጥያቄው አፉ ላይ ነው። ምን እንደሚልክ ያውቃል፤ ምን እንደሚያገኝም ያውቃል። ጽሑፍ መጻፍ እንኳ አይጠበቅበትም፤ ፎቶ ብቻ።

አራተኛው ደግሞ መጀመሪያ ላይ የናቅኩት ነው፦ «ባናውን የሚያጥብልዎ ሌላ ሰው ከሆነ፣ ከመስጠትዎ በፊት ይህን ያሳዩት።» ይህም ያው «ለወዳጅዎ ያጋሩ» ነው፤ ግን ምክንያት አለው። ብዙ ቤት ባናውን የሚያጥበው ባለቤቱ አይደለም። ላውንድሪ ይሄዳል፣ ወይም የቤት ሠራተኛ ታጥበዋለች፣ ወይም እህት። «ያጋሩ» ሲባል አንባቢው ለኛ ውለታ እየዋለ ነው። «ለሚያጥብልዎ ሰው ያሳዩ» ሲባል የራሱን ባና እያተረፈ ነው። የሚጫነው ቁልፍ አንድ ነው፣ ፎርዋርድ። የሚጫንበት ምክንያት ግን ሌላ ነው።

እኔ ሦስተኛውንና አራተኛውን መረጥኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ግን አላስቀመጥኳቸውም። ለምን እንደሆነ ወደ ቦታ ስንመጣ እናገራለሁ።

የሦስተኛው ጥሪ ችግር ቃል ኪዳን መሆኑ ነው። ፎቶ ይላኩ ካልክ ፎቶ ይመጣል፤ መልስ ትሰጣለህ። የኛ ሸማኔ ስልኩን የሚያየው ማታ ነው፤ ቀን እጁ ሥራ ላይ ነው። መጀመሪያ ይህን አልጻፍኩትም ነበር። ሰው ጠዋት ልኮ ቀትር ላይ «ምነው ዝም አላችሁ?» ይላል። አሁን «ሸማኔው ማታ ማታ ነው የሚያየው፤ በማግስቱ መልስ ያገኛሉ» የምትል አንድ መስመር ጨመርኩ። ቅሬታው ቆመ። ፎቶ አይቶ የሚመልስ ሰው የሌለው ደግሞ ሦስተኛውን ይተወውና አራተኛውን ብቻ ይያዝ። የማይፈጸም ደግ ጥሪ ከግልጽ «ይግዙኝ» ይብሳል።

ቃሉ ለማን ይሠራል? «ልን» እና «ልዎ»

አሁን ወደ አማርኛችን ልግባ፤ እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ እዚህ ነው።

«ይደውሉልን» ስንል ያቺ «ልን» ምን ትሠራለች? ጥቅሙ ለኛ ነው ትላለች። «ለኛ ሲሉ ይደውሉ» ነው ነገሩ። «ይግዙልን፣ ያጋሩልን፣ ይቀላቀሉልን» ሁሉም እንደዚያ ናቸው። አንድ ጊዜ ስትመጣ ትህትና ትመስላለች። ሦስቴ ስትደጋገም ልመና ትሆናለች። አንባቢው «ልን» አስቸገረችኝ ብሎ አይናገርም፤ ግን አንድ ሰው ከኔ የሆነ ነገር እየፈለገ ነው የሚል ስሜት ይሰማዋል።

የቀድሞ ጥሪዬን አውጥቼ ምልክት አደረግኩበት። ሁሉም ግስ ወደኛ ይጎትታል። አንድም «ልዎ» የለም። «እንነግርዎታለን፣ እናስቀምጥልዎታለን፣ እንለካልዎታለን» የሚል ነገር የለም።

አሁን የምሠራበት ዘዴ ቀላል ነው። አንባቢው የሚያደርገውን ነገር ባዶውን እጽፈዋለሁ፤ «ይላኩ» እንጂ «ይላኩልን» አልልም። እኛ የምናደርገውን ደግሞ በ«ልዎ» ወይም በ«ዎት» እጽፋለሁ። «ስፋቱን ይላኩ፤ የሚሆነውን መጠን እንመርጥልዎታለን።» ዓረፍተ ነገሩ ሁለት እግር አለው። በአንዱ አንባቢው ትንሽ ነገር ይሠራል፤ በሌላው እኛ እንሠራለን። ሁለተኛውን እግር መጻፍ ካቃተኝ፣ ማለትም እኛ የምናደርግለት ነገር ከሌለ፣ ጥሪው ባዶ ነው ማለት ነው፤ እሰርዘዋለሁ።

አማርኛ ሌላም ስጦታ ሰጥቶናል። ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ «ከሆነ» ደግሞ ፊት ይሆናል። «ባናዎን ብል በልቶት ከሆነ» ሲባል፣ ብል ያልበላበት ሰው እዚያው ጋ ነፃ ይወጣል። ትእዛዙ ሳይደርስበት አልፏል። ስለዚህ አልተገፋም። ይህን ገልብጠን «ፎቶ ይላኩልን፣ ባናዎን ብል ከበላው» ካልን ትእዛዙ ሁሉንም ሰው መትቶ ነው ምክንያቱ የሚደርሰው። አንዳንድ ማስታወቂያ እንዲህ የሚጻፈው ከሌላ ቋንቋ ቃል በቃል ሲገለበጥ ይመስለኛል። ጆሮ ላይ ይሻክራል።

«ይደውሉ»፣ «ደውሉ» ወይስ «ደውል»?

ይህን ቶሎ ልለፈው። «ደውል» ካልክ ሴቶቹን ተውክ፤ «ደውይ» ካልክ ወንዶቹን። «ደውሉ» ለወጣት ቻናል ጥሩ ነው፤ ሰፊ፣ ቀለል ያለ። እኛ «ይደውሉ» ነው የምንለው፤ ምክንያቱም ባና የሚገዛው ብዙ ጊዜ ለእናት ወይም ለአባት ነው፤ ጽሑፉም እነሱ ጋ ይደርሳል። መንዝ ደግሞ አንቱታ የሚከበርበት አገር ነው። አክስቴ ስልክ ላይ «አንተ» ያላትን የባንክ ልጅ እስካሁን ታነሳዋለች።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። «እርስዎ» ብላችሁ ጀምራችሁ መሃል ላይ «ቻናሉን ጆይን በሉ» አትበሉ። አንባቢው ሌላ ሰው የገባ ይመስለዋል። ጽሑፉን ሰው እንደጻፈው፣ ጥሪውን ደግሞ ከሌላ ቦታ ቀድቶ እንደለጠፈው ይታወቃል።

የት ትግባ?

ቦታዋ ሦስት ነው፦ መጀመሪያ፣ መሃል፣ መጨረሻ። ሁሉም የሚያስበው መጨረሻ ነው።

መጀመሪያ ላይ የምትገባ ጥሪ የምትሠራው አንባቢው ለዚያ ነገር ብሎ ሲመጣ ብቻ ነው። «መኪናው ሐሙስ ይነሳል» የሚል ማስታወቂያ ከሆነ ከላይ ይሁን። ለአስተጣጠብ ጽሑፍ ግን ገና ምንም ሳንሰጥ መጠየቅ ነው።

መሃል ላይ ጥሪ ማስገባት ይፈራል፤ ንባብ ያቋርጣል ይባላል። ልክ ነው፣ «ይደውሉልን!» ካስገባህ ያቋርጣል። የብሉ ጥሪ ግን መግባት ያለበት ስለ ብል በተጻፈበት አንቀጽ ላይ ነው፤ እዚያው፣ በዚያው ድምፅ፣ ያለ ደማቅ ፊደልና ያለ ቃለ አጋኖ። ቀዳዳ ያለበት ሰው እዚያ ጋ ነው የሚቆመው። መጨረሻ ላይ ካስቀመጥኩት እስኪደርስ ረስቶታል፤ ወይም እዚያው ቆሞ ቀርቷል።

መጨረሻ ላይ የሚሻለው አራተኛው ነው፤ «ለሚያጥብልዎ ሰው ያሳዩ» የሚለው። ሰው አንብቦ ሳይጨርስ ምን እንደሚያስተላልፍ አያውቅም። ሁለቱን ጥሪዎች ጎን ለጎን ያላደረግኳቸው ለዚህ ነው። አንዱ የአንቀጹ ነው፤ ሌላው የጽሑፉ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጥሪ ከተቀመጠ ግን አንባቢው የቱን ላድርግ ብሎ ሁለቱንም ይተዋል። የቀድሞው መስመሬ ውስጥ አምስት ነበሩ፤ ደውል፣ አያምልጥህ፣ ዋጋ ጠይቅ፣ ተቀላቀል፣ አጋራ።

የቦታ ጥበትም አለ። ቴሌግራም ላይ ፎቶ ያለው ጽሑፍ በተለመደው አካውንት 1024 ፊደል ነው የሚይዘው። ፎቶ የሌለው እስከ 4096 ይሄዳል። ባና ያለ ፎቶ አይለጠፍም፤ ስለዚህ እኛ ያለን 1024 ነው። «ምርጥ፣ ጥራቱን የጠበቀ፣ አስተማማኝ» የሚሉት ቃላት እዚህ ጋ ውድ ይሆናሉ።

ጽሑፉ ሲተላለፍ ጥሪው ይሞታል?

ይህን የተማርኩት በስህተት ነው። አንድ ጊዜ «ስልካችን ከላይ ፒን የተደረገው ላይ አለ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ ተላልፎ አንድ የደብረ ሲና ልጆች ግሩፕ ውስጥ ገባ። እዚያ «ከላይ ፒን የተደረገው» ስለ ዕቁብ የሚናገር ማስታወቂያ ነበር። አንድ ሰው የዕቁቡ ሰብሳቢ ጋ ደውሎ ባና ጠየቀ። ሰውየው እስከ ዛሬ ሲያየኝ ይስቃል።

ስለዚህ ጥሪ ብቻዋን መቆም አለባት። «ከላይ ያለው»፣ «ፕሮፋይላችን ላይ»፣ «ያለፈው ጽሑፋችን» የሚሉት በሰው ግሩፕ ውስጥ ትርጉም የላቸውም። «ዛሬ» እና «ነገ»ም እንደዚያው ናቸው። ጽሑፉ ሦስት ሳምንት ሲዞር ይቆያልና «ነገ» የማን ነገ እንደሆነ አይታወቅም። ቀኑን ጻፉ፦ «ሐሙስ ጥቅምት 14»። የቻናሉን ስም ወይም ስልኩን እዚያው ጥሪው ውስጥ አስገቡ። ስልክ ከሆነ ውጭ አገር ያለ ዘመድም እንዲደውልበት በ+251 ቢጀምር ይሻላል። የዋትስአፕ ሊንክ ከሆነ ደግሞ መደመሪያዋም ዜሮዋም ይወጣሉ፤ በ251 ነው የሚጀመረው፦

```
https://wa.me/2519XXXXXXXX
```

09 ብላችሁ ከጀመራችሁ ሊንኩ አይሠራም። ያልሠራ ሊንክ ደግሞ ማንም አይነግራችሁም።

ማስቸኮል ሁሉ መግፋት ነው ወይ?

አይደለም። እውነተኛ ቀነ ገደብ ለአንባቢው ይጠቅመዋል። ሐሰተኛው ነው የሚገፋው።

«ጥቂት ቀርቷል፣ ፍጠኑ!» እና «መኪናው ሐሙስ ጥቅምት 14 ጠዋት ከመሐል ሜዳ ይነሳል። እስከ ረቡዕ ማታ የደረሰን ትእዛዝ አብሮ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው በሚቀጥለው ሐሙስ» የሚሉትን አስተያዩ። ሁለቱም ያስቸኩላሉ። ሁለተኛው ግን ሦስት ነገር ይነግራል፦ መቼ፣ ለምን፣ ካለፈስ ምን ይሆናል። ሦስተኛዋ ነገር ናት ግፊቱን የምታነሳው። ካለፈ ሳምንት መጠበቅ ብቻ መሆኑን ያወቀ ሰው አይደነግጥም፤ ቆጥሮ ይወስናል።

«ጥቂት ቀርቷል» ብላችሁ በሚቀጥለው ሳምንትም «ጥቂት ቀርቷል» ካላችሁ ደግሞ፣ ከተማችን ትንሽ ናት፣ ሰው ያስታውሳል። በእርግጥ ሦስት ባና ብቻ ከቀረ «ሦስት ቀርቷል፤ ሁለቱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭና ጥቁር» ይበሉ። ቁጥር ሲኖረው መረጃ ነው።

ዋጋን መደበቅ

ስለ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ከአክስቴ ልጅ ጋር ብዙ ተከራክረናል። እሱም ምክንያት ነበረው። ባና እንደ ክብደቱና እንደ ስፋቱ ይለያያል፤ አንድ ቁጥር ብጽፍ ነገ ሰው «እንዲህ ብለህ ነበር» ይለኛል አለ። ሌላው ነጋዴ አይቶ ይቀንስብኛልም አለ።

የመጀመሪያው ሥጋቱ ልክ ነው፤ መፍትሔው ግን መደበቅ አይደለም። የሚለያይበትን ምክንያት ጽፎ «ለአንድ ሰው አልጋ ከዚህ ይጀምራል፤ ለሁለት ሰው አልጋ እስከዚህ ይደርሳል» ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ጥሪው ራሱ ይመጣል፦ «የአልጋዎን ስፋት በሜትር ይላኩ፤ ትክክለኛ ዋጋውን እንነግርዎታለን።» ዋጋ መጠየቅ ብዙ ሰው ያሳፍረዋል። ጠይቆ ሳይገዛ መቅረት ደግሞ ይበልጥ ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ ከጅምሩ አይጠይቅም። የአልጋ ስፋት መላክ ግን አያሳፍርም።

ሁለተኛውን ሥጋቱን ግን አላሸነፍኩትም። ሌላው ነጋዴ በእርግጥ ያያል። የአክስቴ ልጅ ለሠርግ የሚታዘዘውን ትልቁን ባና ዋጋ አሁንም አይጽፍም። እሺ ብዬዋለሁ። እዚያ ላይ ግን «ዋጋ በውስጥ መስመር» ሳይሆን «የሠርግ ባና በትእዛዝ ስለሚሠራ ዋጋው ስፋቱ ከታወቀ በኋላ ነው የሚነገረው» ብለን ነው የምንጽፈው።

አሁን ያለው ጽሑፍ

የአስተጣጠቡ ጽሑፍ ዛሬ ይህን ይመስላል። ሙሉውን አይደለም የማስቀምጠው፤ ጥሪዎቹ ያሉበትን ሁለት ቦታ ብቻ።

መሃሉ ላይ፦

«ባናውን ሲዘረጉ ብርሃን ወደሚገባበት ያዙሩት። ብል የበላው ቦታ ያኔ ነው የሚታየው። ቀዳዳ ካገኙ ሳይታጠብ ፎቶ አንስተው በ+251… በቴሌግራም ይላኩ፤ ሳንቲም አጠገቡ ያስቀምጡ፣ ስፋቱ እንዲታወቅ። ሸማኔው ማታ አይቶ፣ የሚጠገን ይሁን አይሁን በማግስቱ ይነግርዎታል። የማይጠገን ከሆነም ይነግርዎታል።»

ሳንቲሙ የሸማኔው ሐሳብ ነው። ቀዳዳ በፎቶ ብቻ ትልቅ ይሁን ትንሽ አይለይም፤ መጀመሪያ የላኩት ሰዎች ሁሉ ሁለተኛ ፎቶ መላክ ነበረባቸው። «የማይጠገን ከሆነም» የምትለውን ደግሞ እኔ ነኝ የጨመርኳት። እንደዚያ ካልተባለ ሰው «የሚጠገን ነው ብለው ገንዘብ ሊበሉኝ ነው» ብሎ ያስባል።

መጨረሻው ላይ፦

«ባናውን የሚያጥብልዎ ሌላ ሰው ከሆነ፣ ከመስጠትዎ በፊት ይህን ያሳዩት። በተለይ ስለ በረኪናው።»

«በተለይ ስለ በረኪናው» የገባችው፣ የሚያስተላልፈው ሰው ምን ብሎ እንደሚያስተላልፍ እንዲያውቅ ነው። ብዙዎቹ ጽሑፉን ሲልኩ ከላዩ ላይ «በረኪና እንዳታደርጊበት» ብለው ይጽፋሉ፤ ቃሉን ከኛ ወስደው ማለት ነው። ስለ አዲስ ባና አንድ ቃል የለም። የቻናሉ ስም ፎርዋርድ ሲደረግ ራሱ አብሮ ስለሚታይ፣ የሚፈልግ ገብቶ ያያል።

መሥራቱ በምን ይታወቃል?

በዕይታ ቁጥር አይታወቅም። አንድ ጽሑፍ ትልቅ ግሩፕ ውስጥ ከገባ ቁጥሩ ይዘላል፤ ጥሪው ግን ማንንም ላያንቀሳቅስ ይችላል። እኔ የማየው የሚመጡትን መልእክቶች ነው፤ በተለይ የመጀመሪያዋን መስመር።

«ስንት ነው?» ብቻ የሚሉ ከበዙ፣ ዋጋ ደብቄያለሁ ማለት ነው። «የት ናችሁ?» ከበዛ ጽሑፉ ተላልፎ ቦታው ጠፍቷል። «ሰላም» ብቻ ከሆነ ጥሪው ምን እንደሚጻፍ አልነገረም። ፎቶ፣ ስፋት፣ ቀለም ይዞ የሚመጣ መልእክት ከሆነ ጥሪው ሠርቷል። በሳምንቱ መጨረሻ ሃያ መልእክት ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ይበቃል። ጥሪውን ስቀይር አንድ ነገር ብቻ ነው የምቀይረው፤ ቃሉንም ቦታውንም አብሬ ከቀየርኩ የቱ እንደሠራ አላውቅም።

በርኖስ ላይ ግን እስካሁን አልተሳካልኝም። «ቁመትዎን ይላኩ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰዎች የራሳቸውን ቁመት ይልካሉ፣ በርኖሱ ግን ለአባታቸው ነው። «የሚለብሰውን ሰው ቁመት» ብዬ ቀየርኩት፤ አሁን ደግሞ አባቴን ምን ብዬ ልለካቸው፣ ሊሰጣቸው የታሰበው ሳይነገራቸው ነው ይላሉ። የአክስቴ ልጅ «አባትዎ የሚለብሱትን ካፖርት አልጋ ላይ ዘርግተው ከትከሻ እስከ ጫፍ ይለኩ» በል ይለኛል። በሚቀጥለው ሳምንት እሱን እሞክራለሁ።